ሰም ያልደፈነው ማር

ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ጉርድ ሾላ ላይ ባቡሩ በሚያልፍበት ግራና ቀኝ ማር የማይሸጥበት ሱቅ ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ባማረ ብልቃጥ ስም ተለጥፎበት ይደረድረዋል፤ ሌላው በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ያሞቀዋል። እኔም ከአንዱ ገዝቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ካስቀመጥኩ ከሦስት ወር በኋላ ክዳኑን ስከፍተው «ጥሽ» አለ። ከላይ ነጭ አረፋ ይዟል፣ ከታች እንደ ቅቤ ረግቷል፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ቀጭን ውሃ የመሰለ ነገር ይንቀሳቀሳል። እናቴ በጣቷ ነክታ ቀመሰችውና ፍርዷን ሰጠች፦ «ስኳር ነው የሸጡልህ።»

የአዲስ አበባ ሰው በማር ላይ የሚሰጠው ፍርድ ሁሌም ይኸው ነው። ረጋ ስኳር አለው፤ ቀጠነ ስኳር አለው፤ አረፋ ያዘ ስኳር አለው። በክብሪት አቃጥሎ፣ በውሃ ውስጥ ጠብ አድርጎ፣ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ አሳርፎ የሚመረምርም አለ። እነዚህ ሙከራዎች የሚናገሩት ማሩ ወፍራም ይሁን ቀጭን ነው እንጂ ስኳር ይኑረው አይኑረው አይደለም። በደንብ የተንደቀደቀ የስኳር ሽሮፕ ሁሉንም ያልፋል። እናቴ የቀመሰችው ማር ግን ስኳር አልነበረበትም ብዬ አምናለሁ። የነበረበት ውሃ ነው። ውሃውንም ነጋዴ አልጨመረበትም፤ ንቦቹ አስወግደው ሳይጨርሱ ሰው ቸኩሎ ስለቆረጠው የቀረ ነው።

ይህን ለመረዳት አንድ አነስተኛ የንብ አናቢዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ማሩን ለገበያ ሲያዘጋጅ ማየት ይበቃል። እኔ ያየሁት በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በኅዳር ወር፣ አደይ አበባ ካለፈ በኋላ በነበረው የማር ወቅት ነው። ማኅበሩ ያለው አንድ ክፍል ቤት ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ። ውስጡ አንድ በእጅ የሚዞር የማር ማውጫ፣ አንድ መጭመቂያ፣ ከታች ቧንቧ ያለው የማይዝግ ብረት በርሜል፣ ሁለት ወንፊት፣ አንድ ሚዛን አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ ክፍሉን የምትገዛው ግን የአውራ ጣት ውፍረት ያላት፣ እንደ ትንሽ መነጽር በአንድ ዓይን የሚታይባት ዕቃ ናት፤ ሪፍራክቶሜትር ይሏታል። አባላቱ «ማሽኗ» ነው የሚሏት።

የአሠራሯ ነገር ቀላል ነው። በመስታወቷ ላይ አንዲት ጠብታ ማር ይደረግና ክዳኗ ይገጠማል፣ ወደ ብርሃን ዞሮ በአንድ ዓይን ይታያል። ከላይ ሰማያዊ ከታች ነጭ ይታያል፤ ሁለቱ የሚለያዩበት መስመር ያረፈበት ቁጥር ማሩ ውስጥ ከመቶ ስንት እጁ ውሃ እንደሆነ ይናገራል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ሙቀቱ ነው። ከእሳት አጠገብ የመጣ ማር የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል፤ ስለዚህ ጠብታው መስታወቱ ላይ ትንሽ ቆይቶ ይታያል። ማሩ ከመጣበት ጀሪካን አናት ብቻ አይቀዳም፤ ውሃ የበዛበት ማር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። የማኅበሩ ማር ተረካቢ መጀመሪያ ረጅም ንጹሕ ዱላ አስገብታ እስከ ታች ታማስላለች፣ ከዚያ ነው የምትለካው።

ንብ ከአበባ የምትቀስመው ፈሳሽ ከግማሽ በላይ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ውሃ ነው። ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበሉ፣ በእንጀራው ጉድጓዶች ላይ በስሱ እየዘረጉ፣ ሌሊቱን በክንፋቸው እያራገቡ ያደርቁታል። ከሃያ በመቶ በታች ሲወርድላቸው በሰም ይደፍኑታል። ሰሙ ክዳን ነው፤ ያለቀለት ምልክትም ነው። ጥሩ አናቢ ፍሬሙን አውጥቶ ከአራቱ እጅ ሦስቱ ካልተደፈነ ይመልሰዋል። ጥርጣሬ ካለው አግድም ይዞ ወደ ታች አንዴ ይነቀንቀዋል፤ ጠብ ጠብ ካለ ገና ነው።

ታዲያ አናቢዎቹ ለምን ይቸኩላሉ? ምክንያቱ ሞኝነት አይደለም። የግብር ጊዜ ይደርሳል፣ የልጅ ደብተር ይገዛል፣ ሌባ ሌሊት ቀፎውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከሁሉም በላይ የጠጅ ቤት ገዢ ከእነ ሰሙ፣ ከእነ እጩ፣ ከእነ ውሃው በጥሬ ገንዘብ ይወስደዋል። የአገራችን ማር አብዛኛው መጨረሻው ጠጅ ነው። ለጠጅ የሚውል ማር ደግሞ ውሃው ቢበዛ ምን ይጎዳዋል? ማታውን በብርሌ ውሃ እየተለካ ይጨመርበታል። እንግዲህ ይህ ማኅበር የሚወዳደረው ጥራት ከማይጠይቅ ገዢ ጋር ነው። ቀኑን ሙሉ ያየሁት ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛል።

ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ ቢጫ ጀሪካን በአህያ ጭነው መጡ። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ነው። ውሃ ቢሆን ሃያ ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ማር ግን ከውሃ አንድ ተኩል ጊዜ ገደማ ይከብዳልና ሙሉው ወደ ሃያ ስምንት ኪሎ ይደርሳል። የእርሳቸው እስከ አንገቱ አልሞላም፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሆነ። ተረካቢዋ ወጣት ናት፤ ዱላውን አስገብታ አማሰለች፣ ጠብታዋን አደረገች፣ ወደ መስኮቱ ዞረች። ቆየች። እንደገና ጠርጋ ሌላ ጠብታ አደረገች።

«አባቴ፣ ሃያ ሦስት ነው የሚለው።»

«ሃያ ሦስት ምን?»

«ውሃው። እኛ ከአሥራ ዘጠኝ በላይ አንቀበልም።»

«ልጄ፣ እኔ ውሃ አልጨመርኩበትም። እግዜር ምስክሬ ነው።»

«እርስዎ አልጨመሩም፤ ንቦቹም አልጨረሱም። ደፍነውት ነበር?»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «ከላይ ከላዩ ደፍነውት ነበር» አሉ። የእርሳቸው ቀፎ ባህላዊ ነው፣ ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ረጅም ቱቦ። ማሩ የሚቆረጠው በጨለማ በኩበት ጭስ ነው፤ የቱ እንጀራ ተደፍኗል፣ የቱ አልተደፈነም ብሎ መምረጥ ያዳግታል። ያልበሰለው ከበሰለው፣ እጩ ከማሩ ጋር አንድ ላይ ይቆረጣል። ከእንዲህ ዓይነት ቀፎ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ ነውና አንዱን እንጀራ መልሼ ልተው ማለት ቀላል አይደለም።

በዚህ ጊዜ ከአባላቱ አንዱ ጣልቃ ገባ። «ከሌላው ጋር ብናቀላቅለውስ? ማን ያውቃል?» ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ሒሳቡንም ሠርተን አይተነዋል። በርሜሉ የሚይዘው ሁለት መቶ ኪሎ፣ ማለትም እንደ ሽማግሌው ያለ ስምንት ጀሪካን ነው። ሰባቱ አሥራ ስምንት በመቶ ውሃ ያላቸው ቢሆኑና የእርሳቸው ሃያ ሦስቱ ቢጨመር አማካዩ 18.6 ይሆናል። ሁለት እንዲህ ያለ ጀሪካን ቢገባ 19.25። ሦስት ቢገባ እንኳ 19.9 ነው። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መመዘኛ ለማር የሚፈቅደው እስከ ሃያ በመቶ ነው። ስለዚህ ከስምንቱ ሦስቱ ያልበሰሉ ሆነው በርሜሉ በወረቀት ላይ ያልፋል።

ብልቃጡ ውስጥ ግን አያልፍም። ማር ውስጥ ሁልጊዜ እርሾ አለ፤ ከአበባው፣ ከንቧ፣ ከዕቃው ይመጣል። ማሩ ወፍራም ሲሆን እርሾው ውሃ አጥቶ ተኝቶ ይኖራል። ይህን ያጠኑ ሰዎች ያገኙት ነገር ይህ ነው፦ ውሃው ከ17.1 በመቶ በታች ከሆነ እርሾው ቢበዛም ማሩ አይፈላም። እስከ አሥራ ስምንት ድረስ በአንድ ግራም ውስጥ ከአንድ ሺህ ያነሰ እርሾ ካለው ይቆያል። እስከ አሥራ ዘጠኝ ሲደርስ የሚታገሠው አሥር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ እስከ ሃያ በመቶ ድረስ አንድ እርሾ እንኳ ይበዛበታል። የሽማግሌው ጀሪካን ደግሞ መፍላት ጀምሯል፤ ክዳኑ ሲከፈት ትንሽ አየር አውጥቷል። ስለዚህ በርሜሉ ላይ የሚጨመረው ውሃ ብቻ ሳይሆን ሠራዊቱ ጭምር ነው። አማካዩ 18.6 ሆኖ እርሾው ግን የፈላው ጀሪካን እርሾ ነው። ተረካቢዋ የሃያውን ሕግ ትታ አሥራ ዘጠኝን የያዘችው ለዚህ ነው፤ እኔ ብሆን አሥራ ስምንት ተኩል እል ነበር።

እናቴ የፈረደችበት ማር ጉዳይም እዚህ ላይ ይፈታል። ማር የሚረጋው ውስጡ ካሉት ሁለት ዋና ስኳሮች አንዱ፣ ግሉኮስ የሚባለው፣ ወደ ጥራጥሬ ስለሚቀየር ነው። ስኳር ተጨምሮበት አይደለም፤ እንዲያውም ግሉኮስ የበዛበት ንጹሕ የደጋ ማር በሳምንታት ውስጥ ነጭ ሆኖ ይረጋል። ግሉኮስ ሲረጋ ግን ይዞት የሚገባው ውሃ ጥቂት ነው፤ የቀረው ውሃ በጥራጥሬዎቹ መካከል ላለው ፈሳሽ ይተርፋል። ሲቀዳ አሥራ ዘጠኝ የነበረ ማር ሲረጋ ፈሳሹ ክፍል ከሃያ ይዘላል። እርሾው የጠበቀው ይህን ነው። ከታች የረጋ፣ መሐሉ ቀጭን፣ ከላይ አረፋ። እናቴ ያየችው ይኸው ነበር።

ሽማግሌው ጀሪካናቸውን ወደ ጥግ አቆሙት። ሥራው ቀጠለ።

የተቀበሉት ማር ከሁለት መንገድ አንዱን ይይዛል። በፍሬም የመጣው በትኩስ ውሃ ተነክሮ በደንብ በደረቀ ቢላዋ ክዳኑ ይገፈፍና በማውጫው ይሽከረከራል፤ እንጀራው ሳይሰበር ይመለሳል፣ ንቦቹም ሰም ለመሥራት አይደክሙም። ከባህላዊ ቀፎ የመጣው መጀመሪያ በእጅ ይለያል፤ እጭ ያለበት፣ የአበባ ዱቄት የሞላበት እንጀራ ይወጣል፣ የቀረው ይጨመቃል። ይህን መለየት የተወ ማኅበር ማሩ ሁሌ ደፍርሶ ይኖራል፤ እጩ ራሱ ውሃ ነውና ልኬቱንም ያበላሸዋል።

እዚህ ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ እያሉ ወለል አይታጠብም፣ ሻይ አይፈላም። ማር ከአየር ውሃ ይስባል። የአየሩ እርጥበት ከስልሳ በመቶ ገደማ ሲያልፍ ክፍት የቆመ ማር ቀስ በቀስ ይቀጥናል። በሐምሌና በነሐሴ ክፍት ባልዲ ይዞ ማደር ማለት ንቦቹ ሌሊቱን ሲያራግቡ ያስወጡትን መመለስ ነው። የተረካቢዋ ትልቁ ቁጣ የታጠበ ባልዲ ሳይደርቅ ማር ሲቀዳበት ነው። «አንድ ጭልፋ ውሃ» ትላለች፣ «አንድ ቀን ሙሉ ሥራ ይበላል።»

ቀጥሎ ማጣራት ነው፤ ሁለተኛው ጣጣ የሚመጣው በዚህ ነው። ጥሩ ማር ወፍራም ነው። ኅዳር ላይ ደጋው ይቀዘቅዛል፤ ማለዳ ክፍሉ ውስጥ ማሩ በወንፊቱ ላይ እንደ ሊጥ ይቀመጣል። ውሃ የበዛበት ማር ወዲያው ይወርዳል፣ ለዓይን የሚያምረውም እርሱ ነው። ስለዚህ ሰው በጥሩው ማር ተማርሮ እሳት ያነድበታል። ማኅበሩ ባለፈው ዓመት ድስት ላይ አሙቆ ነበር፤ ማሩ ቶሎ ወረደ፣ ቀለሙም ጠቆረ፣ ከረሜላ ከረሜላ ሸተተ፤ ገዢውም መለሰው።

ማር በሙቀት ሲጎዳ በአጭሩ ኤች ኤም ኤፍ የሚባል ነገር ይፈጠራል። ትኩስ ማር ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ኮዴክስ በኪሎ እስከ አርባ ሚሊግራም፣ ለሞቃት አገሮች ማር ደግሞ እስከ ሰማንያ ይፈቅዳል። ወደ ሠላሳ ሚሊግራም ለመድረስ በስልሳ ዲግሪ ሙቀት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበቃል፣ በሰባ ዲግሪ ሰዓታት ብቻ፤ በአርባ ዲግሪ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ከሠላሳ ዲግሪ በታች ወራት ያልፋሉ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ፀሐይ የሚሞቀው ሃይላንድም የዚህ ሒሳብ ውስጥ ነው።

ስለዚህ የዘንድሮው ዘዴያቸው ይህ ነው፦ ባልዲው በሌላ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ይቆማል፣ መሐሉ ላይ ሙቅ ውሃ ይደረጋል፣ ቴርሞሜትር ይሰቀላል፣ ውሃው አርባ ዲግሪ ከነካ ቀዝቃዛ ይጨመርበታል። ከባልዲው አፍ ውሃ እንዳይገባ ክዳኑ ይጠብቃል። የባልዲው ጥግ ሲሞቅ መካከሉ ገና ቀዝቃዛ ስለሚሆን በየግማሽ ሰዓቱ ይማሰላል። ሰባት ሰዓት ላይ የጠዋቱ ማር መውረድ ጀመረ፤ መጀመሪያ በሰፊው ወንፊት፣ ከዚያ በጠባቡ። ከዚያ በላይ አያጣሩም። የአበባ ዱቄቱ እዚያ ውስጥ መቅረት አለበት፤ ማሩ ከየት አበባ እንደተቀሰመ በማይክሮስኮፕ የሚታወቀው በእርሱ ነው።

በርሜሉ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይቆማል። የሰም ፍርፋሪውና የአየር አረፋው ወደ ላይ ይወጣል፤ በማንኪያ ይገፈፋል። የተገፈፈው አይጣልም፣ ከሰሙ ጋር ይቀልጣል። ሰሙ ራሱን የቻለ ገቢ ነው፤ ከባህላዊ ቀፎ ማር ውስጥ ከመቶ ስምንት እስከ አሥር እጁ ሰም ይወጣል፣ ቤተ ክርስቲያን ለጧፍ ትወስደዋለች። ጠጅ ቤት ግን የሰሙን ዋጋ ለሻጩ አይከፍልም፤ ሰፈፉን ለራሱ ያስቀረዋል። ስለዚህ ማኅበሩ ከነጋዴው የተሻለ ዋጋ ልክፈል ቢል ልዩነቱን የሚያገኘው ከማሩ ይልቅ ከሰሙ ነው።

ሲታሸግ ያየሁት ሌላው ነገር ብልቃጡ ነው። አንድ ኪሎ ማር ሰባት መቶ ሚሊሊትር ብቻ ይይዛል። ጉርድ ሾላ ላይ «አንድ ኪሎ» ተብሎ በሊትር ጠርሙስ የሚሸጥ ማር ከተሞላ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋልና ኪሎ ብቻ ከመዘነ ጠርሙሱ ጎዶሎ ነው። ማኅበሩ የሚሸጠው በሚዛን ነው። በወረቀቱ ላይ የተቆረጠበት ወርና የበርሜሉ ቁጥር ይጻፋል፤ አንድ ብልቃጥ ቢፈላ የትኛው በርሜል እንደሆነ ይታወቃል። ከዚያ በላይ ያለውን፣ ማለትም በላቦራቶሪ የሚፈተሸውን፣ እንዲህ ያለ አነስተኛ ማኅበር አይችለውም። ባሕር ዳር እንዳለው ዘንባባ የንብ ውጤቶች ዩኒየን ያሉ ብዙ ማኅበራትን የያዙ ዩኒየኖች ማሩን ተቀብለው የሚያዘጋጁት ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ ማሯን ወደ አውሮፓ ኅብረት እንድትልክ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተፈቀደላት ወዲህ ውጭ የሚላከው ማር ይህን የወረቀት መንገድ መከተል ግድ ነው።

የሽማግሌው ጀሪካን ማታ ድረስ ጥግ ላይ ቆሞ ቆየ። ተረካቢዋ ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፋ «23፣ ተመላሽ» ብላ ጻፈችበት። ማታ ወደ ከተማው ስንወርድ እርሳቸውም አህያቸውን እየነዱ አብረውን ወረዱ፤ ጠጅ ቤቱ በር ላይ ጀሪካኑን አራገፉት። የጠጅ ቤቱ ሰውዬ ክዳኑን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። ማኅበሩ ለጥሩው ከሚከፍለው በኪሎ ጥቂት ብር ብቻ ዝቅ አድርጎ እዚያው ቆጠረላቸው። ሽማግሌው ብሩን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩና ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

«ያቺ ልጅ፣ ያልቆረጥኳቸው ሦስት ቀፎ አሉኝ። መጥታ ታይልኝ ይሆን?»

«ምኑን?»

«ደፍነው እንደሆን።»